አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ አይቀጣ

ነገ በጅግጅጋና በአካባቢው ከተሞች የሂሳብ ፈተና የምናርም እኛ ነን። ታዲያ የማረሚያ መመሪያችን መልሱን ብቻ የሚያይ ከሆነ ምን ሊከተል ነው?

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ለውዝ ሻጭ የጠቀለለው የወረቀት ኮን አፉ በዲያሜትር 6 ሳ.ሜ.፣ ከአፉ ጠርዝ እስከ ጫፉ በጎኑ ሲለካ 5 ሳ.ሜ. ነው እንበል። ይዘቱ ስንት ነው? ሬዲየሱ 3፣ በፓይታጎረስ ቁመቱ 4፣ ይዘቱም 12π ኪዩቢክ ሳ.ሜ. ይሆናል።

ከ5 ማርክ ለሬዲየሱ 1፣ ለቁመቱ 2፣ ለቀመሩ 1፣ ለመልሱና ለመለኪያው 1 እንስጥ። ጎኑን እንደ ቁመት ወስዶ 15π ያለ ተማሪ የቁመቱን 2 ብቻ ያጣል፤ የቀረውን በራሱ ቁጥር በትክክል ስለሠራ 3 ያገኛል። በሦስት ማካፈሉን ረስቶ 36π ያለው ደግሞ የሲሊንደሩን ይዘት ነው ያወጣው፤ የቀመሩን 1 አጥቶ 4 ያገኛል።

መልስ ብቻ ከታየ ግን ሁለቱም ባዶ ወረቀት ከሰጠው እኩል ዜሮ ናቸው። ይህ ፍርድ አይደለም። እኛም ማንን ፓይታጎረስ፣ ማንን ቀመር ደግመን እንደምናስተምር ሳናውቅ እንቀራለን። ስለዚህ መመሪያው ከጥያቄው ጋር አብሮ ይጻፍ እንላለን!