ማሳሰቢያ፦ የቴስተሩ ስምንት መብራት ስለበራ ኬብሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች የኔትወርክ ኬብል ለምታስዘረጉ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ነጋዴዎች፣ እንዲሁም ሥራውን ለምትሠሩ ባለሙያዎች።

በኬብል ገጠማ ላይ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ ለማግኘት የሚያስቸግረው አንድ አለ። ኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች በቀለም ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ፣ ገጣሚው ጥንዶቹን ሳይለያይ በተራ ይደረድራቸዋል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ለዓይን ያምራል። በሌላኛው ጫፍም እንደዚያው ያደርጋል። ቴስተር ላይ ሲሰካው ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በየተራቸው ይበራሉ፤ ሥራው አለቀ ተብሎ ሒሳቡ ይከፈላል። ኬብሉ ግን የተበላሸ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ምልክት የሚጓዘው በሁለት ሽቦ ላይ ነው፤ በአንዱ ላይ ከፍ ሲል በሌላው ላይ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ ተቀባዩ መሣሪያም የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው። ሁለቱ አብረው የተጠማዘዙ ከሆኑ ከአጠገባቸው ካለ የመብራት መስመር ወይም ከሌላ ጥንድ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው፣ ልዩነቱ ሲወሰድ ረብሻው ይጠፋል። መሣሪያዎቹ አንድ ጥንድ አድርገው የሚጠቀሙባቸው ደግሞ 1 እና 2፣ 3 እና 6፣ 4 እና 5፣ 7 እና 8 ቁጥሮችን ነው። ከላይ ባለው አደራደር 3ኛው ላይ የተቀመጠው ነጭ አረንጓዴ፣ 6ኛው ላይ የተቀመጠው ሰማያዊ ነው። እነዚህ ሁለቱ አብረው አልተጠማዘዙም። አንድ ምልክት የሁለት የተለያዩ ጥንዶችን ሽቦ ይዞ ይሄዳል፤ ረብሻውም አይጠፋም። ርካሹ ቴስተር የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የዚህኛው ጫፍ 3ኛ ሽቦ ከዚያኛው ጫፍ 3ኛ ጋር ተገናኝቷል ወይ? ተገናኝቷል፤ ስለዚህ መብራቱ ይበራል። ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያውቅም።

3 እና 6 ለምን ተራርቀው ጥንድ ሆኑ ለሚል፣ ነገሩ ከስልክ የመጣ ነው። በስልክ መሰኪያ የመጀመሪያው መስመር በመካከለኛዎቹ ሁለት ነጥቦች፣ ሁለተኛው መስመር ከእነርሱ ግራና ቀኝ ባሉት ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የኔትወርኩም አደራደር ይህንኑ ይዞ ቀጠለ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሁለት ዓይነት ነው። ኮኔክተሩን ምላሱ ወደ ታች፣ የብረት ጥርሶቹ ወደ ላይ፣ ኬብሉ ወደ እናንተ እንዲሆን አድርጋችሁ ስትይዙት 1ኛው በግራ በኩል ነው። በብዛት የሚሠራበት 568ቢ የሚባለው ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። 568ኤ ላይ አረንጓዴውና ብርቱካናማው ጥንድ ቦታ ይለዋወጣሉ፦ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ላይ ሰማያዊው ጥንድ መሐል ላይ ሆኖ በሌላ ጥንድ ይከበባል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ ግን አንዱን መርጦ መጽናት ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ ያለ መሰኪያ ካለ በጎኑ የታተመውን የቀለም ምልክት አይታችሁ በዚያው ቀጥሉ።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚገለጥ በምሳሌ እንየው። ሆሳዕና ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ራውተሩ ምድር ቤት ሆኖ ወደ ላይኛው ቢሮ 40 ሜትር ያህል ኬብል ተስቧል እንበል። ኮምፒውተሩ ላይ መብራቱ ይበራል፤ ቀለል ያለ ገጽ ይከፈታል። ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ይቆማል፤ መስመሩ ይመጣል ይሄዳል። መጀመሪያ የሚወቀሰው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ቀጥሎ ራውተሩ ይቀየራል፤ ቀጥሎም ኮምፒውተሩ ይፎረማታል። ይህ ሁሉ ወጪ ከመውጣቱ በፊት ላፕቶፑን ወደ ራውተሩ ወስዳችሁ በፋብሪካ በተገጠመ አጭር ኬብል አገናኙትና የኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ Link speed የሚለውን እዩ። በአጭሩ ኬብል 1000/1000 (Mbps) ያሳየው ላፕቶፕ በረጅሙ ኬብል ወደ 100 ወይም ወደ 10 ከወረደ፣ ወይም ከተቆራረጠ፣ ችግሩ ኬብሉ ላይ ነው። ከዚያ በረጅሙ ኬብል በኩል፣ የራውተራችሁን አድራሻ አስገብታችሁ ይህን ሞክሩ፦

```
ping -n 100 -l 1400 192.168.1.1
```

በጤነኛ ኬብል ከመቶው አንድም መጥፋት የለበትም። መልሶች እየጠፉ ከሆነ ሁለቱን ኮኔክተሮች ብርሃን ላይ አድርጋችሁ በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ ቀለሞቹን ቁጠሩ። አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው አጠገብ 3ኛና 4ኛ ላይ ከተቀመጠ ምክንያቱን አግኝታችኋል። መፍትሔው ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ እንደገና መግጠም ነው፤ ኬብሉን መቀየር አያስፈልግም። ያው ስሕተት በሁለት ሜትር ኬብል ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ያየው ተማሪ ልኩ ይህ ነው ብሎ ይዞት ይወጣል።

ስትገጥሙ ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱ፤ ሽቦዎቹ በትክክል ተደርድረው እንኳ ረጅም ተፈትተው ከቀሩ ያው ረብሻ ይገባል። የኬብሉ የውጭ ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ በመጨበጫው መያዝ አለበት፤ አለዚያ በተጎተተ ቁጥር ሽቦው ይነቀላል።

ስለ ክሮስኦቨር ኬብልም አንድ ነገር መባል አለበት። በአንዱ ጫፍ 568ኤ፣ በሌላው 568ቢ ሲገጠም የሚፈጠረው ኬብል ነው፤ የአንዱ መሣሪያ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር እንዲገናኝ፣ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ወይም ስዊችን ከስዊች ለማያያዝ ይሠራ ነበር። በኮሌጆች አሁንም ይማሩታል፤ ማወቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን የአሁኖቹ መሣሪያዎች አብዛኞቹ መላኪያና መቀበያቸውን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ለአዲስ ሥራ ሁሉንም ስትሬት አድርጋችሁ ግጠሙ። አደጋው፣ ሳይታሰብ የተሠራ ክሮስኦቨር በአዲስ መሣሪያ ላይ ያለ ችግር ስለሚሠራ ማንም ሳያውቀው ለዓመታት ግድግዳ ውስጥ መቀመጡ ነው። አንድ ቀን አሮጌ ስዊች፣ ወይም ፍጥነቱ በእጅ ተወስኖ የተቀመጠ መሣሪያ ሲሰካበት መብራቱ ጨርሶ ላይበራ ይችላል። በቴስተር ላይ የሚለየው በተራው ነው፤ በዚህኛው 1 ሲበራ በዚያኛው 3፣ በዚህኛው 2 ሲበራ በዚያኛው 6 ይበራል። እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ አንዱን ጫፍ ቆርጣችሁ አስተካክሉት፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ላይ «ክሮስ» ብላችሁ ጻፉበት።

ሥራ የምታሠሩ ደግሞ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቴስተሩን ብቻ አትዩ። በእያንዳንዱ ኮኔክተር ላይ 3ኛውና 6ኛው የአንድ ቀለም ጥንድ መሆናቸውን፣ በመሐላቸውም ሰማያዊው ጥንድ መቀመጡን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ከረጅሙ ኬብል ጫፍ ላይም ፍጥነቱ ስንት እንደሚል ባለሙያው በላፕቶፕ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።