ጨረቃዋ ወርዳ መስቀል የወጣበት ዘመን

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናጫውትዎ ስለ ሁለት ትንንሽ የወርቅ ገንዘቦች ነው። ሁለቱም ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይሰፉም። በሁለቱም ላይ የአንድ ንጉሥ መልክ፣ በግራና በቀኙም የእህል ዛላ ተቀርጾባቸዋል። ንጉሡ የአክሱሙ ዔዛና ነው፤ ጽሕፈቱም የዚያን ጊዜ የንግድ ቋንቋ በነበረው በጽርዕ ነው። ነገር ግን በአንደኛዪቱ ገንዘብ ራስጌ ላይ ጨረቃና ክብ ይታያሉ፤ በሁለተኛዪቱ ላይ ግን ጨረቃዋ የለችም፤ በቦታዋ መስቀል ገብቷል። እንግዲህ አንድ ንጉሥ በአንድ ዕድሜው የአባቶቹን ምልክት አውርዶ አዲስ ምልክት የሰቀለው ስለ ምን ነው? ማንስ መክሮት ነው? ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ሰው፣ ፈላስፋ ነበረና፣ ሩቅ አገር ለማየት ጓጉቶ በመርከብ ተነሣ። ሁለት የሚያስተምራቸው የዘመዱን ልጆች ይዞ ነበር፤ ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። ሲመለሱ ውሃና ስንቅ አልቆባቸው ወደ አንድ ወደብ ጠጉ። በዚያን ወራት ግን የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋራ የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቡ ላይ የተገኘውን ሁሉ ፈጁ። ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። የሰዎቹ ልብ ራራላቸውና ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ንጉሡም ታናሹን ጠጅ አሳላፊ አደረገው፤ ታላቁን ግን ብልህነቱን አይቶ የግምጃ ቤቱና የጽሕፈቱ ሹም አደረገው። ጥቂት ቆይቶ ንጉሡ ሞተ፤ አልጋ ወራሹም ገና ሕፃን ነበረ። ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ አገራቸው እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸው ሳለ ንግሥቲቱ፣ ልጄ እስኪያድግ ድረስ የመንግሥቱን ሸክም አግዙኝ፣ ብላ ለመነቻቸው። እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ነገር ያስተውሉ። ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ አልሰበከም፤ ንጉሡንም ተጠመቅ አላለውም። መጀመሪያ ያደረገው ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖቹን ፈልጎ ማግኘት ነው። በየቦታው ተሰብስበው የሚጸልዩበትን ስፍራ እንዲያበጁ አዘዘላቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። ስለዚህ አዲሱ ሃይማኖት ወደ አክሱም መንግሥት የገባው በጦር አይደለም፤ ከቀይ ባሕር ወደ ደጋው በሚወጣው በነጋዴ መንገድ ነው። ከነጋዴው ወደ ግምጃ ቤቱ ሹም፣ ከግምጃ ቤቱ ሹም በእጁ ወዳደገው ንጉሥ ደረሰ ማለት ነው።

ልጁ አድጎ አልጋውን በያዘ ጊዜ ሁለቱ ስንብት ጠየቁ። ኤዴስዮስ ናፍቆት ይዞት ወደ ጢሮስ ተመለሰና በዚያ ቅስና ተቀበለ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እናት አባቱ አልሄደም፤ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ሊቀ ጳጳሱን አትናቴዎስን፣ በዚያ አገር ክርስቲያኖች በዝተዋልና ጳጳስ ይሾምላቸው፣ ብሎ አመለከተ። አትናቴዎስም ካህናቱን ሰብስቦ ተማከረና ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው። የአገራችን ሰው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እያለ የሚጠራው እርሱን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፈልን ሩፊኖስ የሚባል የላቲን ጸሐፊ ነው፤ በ402 ዓ.ም. ገደማ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ሲያዘጋጅ ነገሩን ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ሩፊኖስ አገሪቱን አክሱም አይላትም፤ ህንድ ይላታል። የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ ህንድ ማለት ይወዱ ነበርና። ታዲያ ልጆቹ የተማረኩባት አገር አክሱም ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለን?

ማስረጃው አንድ የቁጣ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዎስ ነው። ይህ ንጉሠ ነገሥት የአርዮሳውያን ወገን ስለ ነበረ አትናቴዎስን አጥብቆ ይጠላው ነበር፤ በ356 ዓ.ም. በወታደር ከመንበሩ አባረረውና ጊዮርጊስ የተባለ የራሱን ሰው በቦታው አስቀመጠ። ከዚያም በ356 ወይም በ357 ዓ.ም. ለአክሱም ገዢዎች ለዔዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጻፈ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ፍሬምናጦስን የሾመው ያ ወንጀለኛ አትናቴዎስ ነውና ሹመቱ አጠራጣሪ ነው፤ ስለዚህ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ባስቸኳይ ወደ እስክንድርያ ስደዱት፤ አለዚያ ሕዝባችሁን ያበላሽባችኋል፤ የሚል ነው። ደብዳቤው ሊጠፋ ይችል ነበር፤ ነገር ግን አትናቴዎስ ራሱ ስለ ራሱ በጻፈው መከላከያ ውስጥ የጠላቱን ቃል ገልብጦ ስላኖረው ለእኛ ደረሰ። እነሆ፣ ፍሬምናጦስና አክሱም በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ሹመቱም አትናቴዎስ መንበሩን ከያዘበት ከ328 ዓ.ም. በኋላና ከ356 ዓ.ም. በፊት መሆኑ ታወቀ።

ቆስጠንጢዎስ የፈለገው አልሆነለትም። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ከአትናቴዎስ መንበር ጋራ እንደ ተጣመረች ቀረች፤ ጳጳስ ከእስክንድርያ የማስመጣቱም ልማድ ከዚያ ወዲህ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ዘልቆ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራስዋን ፓትርያርክ እስከ ሾመችበት እስከ 1959 ዓ.ም. ደረሰ።

አሁን ወደ ንጉሡ እንመለስ። ማመኑን ሌሎች ስለ እርሱ ከጻፉት ይልቅ እርሱ ራሱ በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ይበልጥ ያስረዳናል። ዔዛና በቤጃ ላይ ዘምቶ ድል ባደረገ ጊዜ ነገሩን በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በጽርዕ አስጻፈ፤ ይህ ድንጋይ ዛሬም በአክሱም አለ። በዚያ ላይ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል። ማሕረም የነገሥታቱ የጦር አምላክ ነበረ፤ ጽርዑም አርስ ብሎ ይተረጕመዋል። ስለ ድሉም ምስጋና አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎች አቆምኩ ይላል።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ በኖባ ላይ ዘመተ። ኖባዎች መሐላቸውን አፍርሰው፣ የላከባቸውን መልእክተኞች አዋርደው ነበርና እስከ ተከዜ ድረስ ወርዶ ሃያ ሦስት ቀን አሳደዳቸው። ይህን ዘመቻ የሚናገረው የግዕዝ ድንጋይ ግን ቋንቋው ተለውጧል። ማሕረም የለም፤ ምስልም የለም፤ ድሉን የሰጠው እግዚአ ሰማይ ነው፤ ንጉሡም ሕዝቡን በጽድቅና በፍርድ ሊገዛ፣ ላይበድል ቃል ይገባል። ሆኖም በዚህ በግዕዙ ድንጋይ ላይ የክርስቶስ ስም አልተጠራም።

በ1969 ዓ.ም. ግን በአክሱም ሌላ ድንጋይ ተገኘ። እርሱም የዚያኑ የኖባን ዘመቻ በጽርዕ ይተርካል፤ መጀመሪያው ላይ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጥ ይጠራል፤ ንጉሡም በክርስቶስ ማመኑን ይናገራል። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመቻ፣ ሁለት አነጋገር። ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ ንጉሡ ጽርዕ ለሚያነበው ለባሕር ማዶ ክርስቲያን ሃይማኖቱን ገልጦ ሲነግር፣ ለአገሩ ሰው ግን የቀድሞውም አማኝ ሳይከፋው ሊቀበለው የሚችለውን ስም መረጠ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የግዕዙ ድንጋይ እምነቱ ገና ሳይጠና የተጻፈ ነው ይላሉ። በየትኛውም ቢፈቱት ጥንቃቄው አይሰወርም።

ይህንኑ ጥንቃቄ ከነሐስ ገንዘብም እናነባለን። ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ሲሆን ነሐሱ የገበያ ገንዘብ ነው፤ ጨውና እህል የሚገዛበት። ከዔዛና ዘመን ወዲህ ከወጡት ነሐሶች ብዙዎቹ መስቀል አለባቸው፤ በመስቀሉ ዙሪያም በጽርዕ፣ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ፣ የሚል ጽሕፈት ይነበባል። ያስተውሉ፤ ትእዛዝ አይደለም፣ ልመና ይመስላል። ንጉሥ አዲስ ምልክት በገንዘቡ ላይ አትሞ ሕዝቡን፣ ይህን ውደዱልኝ፣ ሲል ምን ያህል ከሕዝቡ ቀድሞ እንደ ሄደ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሕዝቡስ መቼ ደረሰበት? በየሐ አቅራቢያ ቤተ ሰማዕቲ በተባለ ስፍራ ተቆፍሮ በ2019 ዓ.ም. በታተመው ጥናት እንደ ተገለጠው፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ተገኝቷል። በዚያ መስቀልና የግዕዝ ጽሕፈት ያለበት የድንጋይ ማንጠልጠያ ሲገኝ፣ በዚያው ስፍራ የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበትና የላም ምስሎችም ተገኝተዋል። አዲሱና አሮጌው በአንድ መንደር ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በገጠሩ ትምህርቱን ያስፋፉት ተስዓቱ ቅዱሳን የሚባሉት መነኮሳት ሲሆኑ፣ እነርሱም የመጡት ከዔዛና ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን በንጉሥ ቃል ክርስቲያን ሆነች የሚል ሰው ቢገጥምዎ፣ ሁለቱን የወርቅ ገንዘቦች ብቻ ሳይሆን ያችን ነሐስም ያስታውሱ። ጨረቃን ከወርቁ ለማውረድ አንድ ንጉሥ በቃ፤ መስቀሉን ለገበያው ሰው ለማስወደድ ግን ከአንድ ትውልድ ይልቅ ብዙ ትውልድ አስፈለገ።