የተሸጠው መኪና ዓረቦን የማን ነው?

መኪናውን የሸጠ ሰው ለመድን ድርጅቱ የሚጽፈው ደብዳቤ አጭር ነው፦ መኪናዬን ሸጫለሁ፣ ውሉ ይሰረዝልኝ፣ ያልተጠቀምኩበት ዓረቦን ይመለስልኝ። ግን የሚመለሰው ስንት ነው? የሚቆጠረውስ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?

በምሳሌ እናስላው። ለዓመት 36,500 ብር የተከፈለበት ሙሉ ሽፋን በቀን 100 ብር ይደርሳል። ባለቤቱ 120 ቀን ተገልግሎ ቢሸጥ 245 ቀን ይቀራል፤ በቀን ስሌት 24,500 ብር ማለት ነው። በብዙ የተሽከርካሪ ፖሊሲዎች ውስጥ ግን ሁለት ሚዛን አለ። ውሉን የሚያቋርጠው ድርጅቱ ከሆነ በቀን ስሌት ይመልሳል። የሚያቋርጠው ደንበኛው ከሆነ የአጭር ጊዜ ተመን ይሰላበታል። ተመኑ ለአራት ወር የዓመቱን 60 በመቶ የሚይዝ ቢሆን ለሻጩ የሚደርሰው 14,600 ብር ብቻ ነው። በመካከል የቀረው 9,900 ብር የምን ዋጋ ነው?

የወረቀት ሥራና የወኪል ኮሚሽን ነው ይባላል። ታዲያ ድርጅቱ ራሱ ሲያቋርጥ ያ ወጪ የት ይሄዳል? ተመኑ የዓመት ውል ገብቶ ለጥቂት ወራት ብቻ መጠቀም የሚፈልገውን ለመከላከል ነው የሚለው ምክንያት ሚዛን ይደፋል። መኪናውን የሸጠ ሰው ግን ሽፋኑን የተወው የሚሸፈነው ንብረት ከእጁ ስለወጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ተመን መቅጣት ለምን አስፈለገ?

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ የቀኑ ነገር ነው። የሽያጭ ውሉ ተፈርሞ መኪናው ለገዢው ከተሰጠ በኋላ ቢቃጠል ድርጅቱ ለሻጩ ካሳ ይከፍላል? አይከፍልም፤ ንብረቱ የእሱ አይደለምና። ታዲያ ደብዳቤው መዝገብ ቤት እስኪደርስ ያሉትን ቀናት እንደተሸፈኑ ቆጥሮ ዓረቦን የሚይዘው በምን መብት ነው? ስለዚህ ደብዳቤው የሽያጩን ቀን ለይቶ ይጥቀስ፣ የጸደቀውን የሽያጭ ውል ቅጂ ያያይዝ፣ ስረዛው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲታሰብም ይጠይቅ።

ሻጩም ሊያውቀው የሚገባ ገደብ አለ። ሊብሬው ወደ ገዢው ስም ሳይዞር የሦስተኛ ወገን ሽፋኑን ማሰረዝ አደገኛ ነው፤ መኪናው ሰው ቢገጭ በመዝገብ ላይ ያለው ስም አሁንም የእሱ ነው። በዓመቱ ውስጥ ካሳ ተቀብሎ ከነበረም ተመላሽ አይኖርም የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው፤ ይህን አልቃወምም። መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ ከነበረ ደግሞ የባንኩ መልቀቂያ መቅደም አለበት።

ድርጅቱ ብዙ ጊዜ አንድ ድምር ብቻ የያዘ ቼክ ይሰጣል። ስንት ቀን ተቆጠረ? በየትኛው ተመን? በፖሊሲው የትኛው አንቀጽ? ሻጩ እነዚህን ሦስቱን በዚያው ደብዳቤ ላይ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ በቅጂው ላይም የገቢ ማህተም ያስመታ። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ድርጅቱ ለማሳየት ምን ያግደዋል?