ርዕሰ አንቀጽ፦ ሪሴት ከመጫን በፊት ወረቀቱ የት አለ?



በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የኢንተርኔት አገልግሎት ከዓርብ ማታ እስከ ማክሰኞ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ብዙዎቻችሁ መስመሩ ተበጥሶ ነው ወይስ ሂሳብ ሳይከፈል ቀርቶ ነው እያላችሁ ጠይቃችኋል። ሁለቱም አልነበረም። ያቋረጥነው ራሳችን ነን። እንዴት እንደሆነ ሳንሸሽግ ለመግለጽ የተነሣነው፣ በዚሁ ሰሞን በሁለት ግቢዎች ውስጥ ተመሳሳይ ነገር መድረሱን ስለሰማን ነው።

ነገሩ የጀመረው ዋይፋዩ ዘገምተኛ ሆነ ተብሎ ነው። ፓስወርዱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የማይመለከተው ሁሉ ይጠቀምበት ስለነበር ኮሚቴው ይቀየር ብሎ ወሰነ። ለመቀየር ደግሞ ወደ ራውተሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ የመግቢያውን ፓስወርድ ያወጣው የቀድሞ ባልደረባችን ሠፈር ለቆ ሄዷል፣ በስልክ ብንጠይቀውም ረስቼዋለሁ አለን። ታዲያ ምን ይሻላል ሲባል አንዱ ከመካከላችን «ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ መጫን ነው፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይሆናል» አለ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም እንደ አዲስ ሆነ። ችግሩም እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ቁልፎች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የዋይፋይ ፓስወርድ ነው፤ ስልካችን ከራውተሩ ጋር የሚገናኝበት። ሁለተኛው ራውተሩን ለማዘዝ የምንገባበት ነው። ሦስተኛው አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ውል ስንዋዋል የሰጠን የመስመሩ መለያ ስምና ፓስወርድ ነው፤ ራውተሩ በተነሣ ቁጥር ይህን ለድርጅቱ እያሳየ ነው ኢንተርኔት የሚፈቀድለት። ሪሴት ሲደረግ ሦስቱም ይጠፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፋብሪካው በሰጣቸው ይተካሉ፣ እሱም በራውተሩ ሆድ ወይም ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ሦስተኛው ግን እዚያ የለም። ፋብሪካው ከየት አውቆት ይጽፈዋል?

እኛ ይህን ያወቅነው ከተጫነ በኋላ ነው። ዓርብ ማታ ዋይፋዩ በፋብሪካ ስሙ ብቅ ሲል አጨብጭበን ነበር። ኢንተርኔት ግን የለም። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁ አለፈ፤ በየእሑዱ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ዓረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት እናት ሁለት ጊዜ መጥተው ተመለሱ። ሰኞ ድርጅቱ ዘንድ ስንሄድ መለያውን የምንሰጠው ለውል ባለቤቱ ነው ተባልን። አሠራራቸው ትክክል ነው፤ ውሉ ግን የተፈረመው በሟቹ ገንዘብ ያዣችን ስም ነበር። ስሙን ሳናዛውር ዓመት አልፎናል፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። በመጨረሻ ሐዘን ቤት ሄደን ወረቀት ይፈለግልን አልን። ባለቤታቸው የሟቹን ማኅደር በሙሉ አገላብጠው ከደረሰኞች መካከል አገኙልን። ሲፈልጉ ምን እንደተሰማቸው ያየን እናውቃለን።

ስለሆነም ቀዳዳዋን ከመንካት በፊት ወረቀቱ በእጅ ይሁን። ወረቀቱ ከሌለ ከድርጅቱ መለያውን አስቀድሞ ማውጣት ነው፤ ቢሮ በሚከፈትበት ቀን፣ ጠዋት። የጠፋው የዋይፋይ ፓስወርድ ብቻ ከሆነማ ሪሴት ምን ያደርጋል? ቀድሞ የተገናኘ ስልክ ካለ አብዛኛው ዘመናዊ ስልክ በዋይፋይ ማስተካከያው ውስጥ ያሳየዋል። ራውተሩን ማዘዣ ፓስወርድ ከሆነም በመጀመሪያ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ሞክሩ፤ ማንም ሳይቀይረው የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

መጫኑ የግድ ከሆነ ራውተሩ መብራት እንደበራ በቀጭን ሽቦ Reset የሚለውን ቀዳዳ አሥር ሰኮንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ነው። መብራቶቹ በአንድነት ጠፍተው ሲበሩ ወይም ብልጭ ሲሉ ይለቀቃል። ነካ አድርጎ መልቀቅ በአንዳንዱ ዓይነት አጥፍቶ ማስነሣት ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ በመካከሉ ሶኬት አትንቀሉ።

ቀጥሎ በኬብል ወይም በወረቀቱ ላይ ባለው ዋይፋይ ተገናኝታችሁ በዚያው ወረቀት የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ በብራውዘሩ የአድራሻ መጻፊያ ላይ ትጽፋላችሁ። በስልክ የምትሠሩ ከሆነ የሲም ዳታውን አጥፉ። ስልኩ ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም ብሎ ወደ ሲሙ ይሄድና ገጹ አልከፈት ይላል፤ እኛን ግማሽ ሰዓት ያንገላታን እሱ ነው። ከገባችሁ በኋላ WAN ወይም Internet በሚለው ሥር PPPoE የሚለውን መርጣችሁ በ Username እና በ Password ፊት የድርጅቱን መለያ አስገብታችሁ Save ትላላችሁ። በገጹ ላይ ያሉትን ሌሎች ቁጥሮች ድርጅቱ ካልነገራችሁ አትንኩ።

ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱን ይዘንም ሦስት ጊዜ ስናስገባ እምቢ አለ። የመስመሩ መብራት በርቷል፣ Internet የሚለው ግን ቀይ ነው። ይህ ምልክት ብዙ ይናገራል፤ መስመሩ ደህና ነው፣ የተሳሳተው ብዙውን ጊዜ መለያው ነው ማለት ነው። በእጅ ከተጻፈው ውስጥ ዜሮውን ኦ ብለን አንብበነው ኖሯል። አንድና ትንሹ ኤልም እንዲሁ ያሳስታሉ። መለያው @ ያለበት ከሆነ ከሱ በኋላ ያለውም ሳይቀር መጻፍ አለበት። ሁሉም ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ ራውተሩን አጥፍቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ የቀድሞው ግንኙነት በድርጅቱ ዘንድ እንዳልተዘጋ ሊቆጠር ይችላልና። የመስመሩ መብራት ራሱ ከጠፋ ግን ነገሩ የገመድ ነው፤ ሪሴት ገመድ አይቀጥልም።

ፋይበር የገባላችሁ ነዋሪዎች ለብቻው ልብ በሉ። የድርጅቱ ሣጥን መስመሩን የሚያስመዘግብ ቁጥር በውስጡ ሊይዝ ይችላል፤ ከተሰረዘ የምታስገቡት ነገር በእጃችሁ ላይኖር ይችላል። LOS የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃኑ ራሱ አልደረሰም ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ ለድርጅቱ መደወል ነው።

ኢንተርኔቱ እንደተመለሰ በፋብሪካው ፓስወርድ አትቆዩ፤ የተለጠፈውን ወረቀት ያየ ሁሉ ይገባልና ሁለቱንም ያንኑ ዕለት ቀይሩ። በየግቢው ራውተር የምትጋሩ ተከራዮችና አከራዮችም ማን ቀዳዳዋን መንካት እንደሚችል ተነጋገሩ። ሰሞኑን በአንደኛው ግቢ የሆነው፣ ተከራዩ ለበጎ ብሎ ተጭኖ የአምስት ቤት መስመር መጥፋቱ ነው።

ኮሚቴው ውሉን ወደ ማኅበሩ ስም አዛውሯል። ጽሕፈት ቤቱ የማንንም ነዋሪ ፓስወርድ በአደራ አይቀበልም፣ እንደየቤታችሁ አስቀምጡ። ወረቀት የጠፋባችሁ፣ በተለይም ውሉ በሟች ስም የሆነባችሁ ቤተሰቦች፣ ማመልከቻ ለመጻፍ ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ብትመጡ እናግዛለን። የማኅበሩ ሦስቱም ቁልፎች በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ዜሮው በመሐሉ ተሰርዞ፣ በታሸገ ፖስታ ከገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ ገብተዋል፤ የሣጥኑ ቁልፍ በገንዘብ ያዡና በጸሐፊው እጅ ይገኛል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት