የተጠራውና የተከፈለው

በዚህ ሳምንት ደሜን ያፈላው አንድ ቁጥር ነው። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ እዚሁ ሰንጋ ተራ ከተተከሉት የባንክ ሕንፃዎች በአንዱ የሚሠራ ጨዋ ወጣት፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ የአያቱን የምኒልክ ብር በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው እጁ ይዞ ቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ ይመልከቱልኝ፤ ይኸው ብር ስምንት መቶ ሺሕ ብር ነው» ብሎ በስልኩ መስታወት ላይ የተጻፈውን አሳየኝ። ማን እንደ ገዛው ብጠይቀው፣ «ገና አልተሸጠም፤ ዋጋው ግን ተጽፏል» አለኝ። ይህን ዓምድ ዘወትር የሚከታተሉ አንባብያን፣ ሻጭ በልቡ የተመኘውን ገንዘብ «ዋጋ» ብለው ከሚጠሩ ሰዎች ጋራ ያለኝን የቆየ ክርክር ያውቁታልና እንደ ገና ከሥሩ አልጀምረውም።

ዛሬ መስታወት የለበሱ ፎቆች በተሰለፉበት በዚህ ሰፈር ሰንጋ ይነዳ በነበረበት ዘመን፣ ለበዓል በሬ ሊገዛ የወጣ አስተዋይ አባወራ ዋጋውን አስቀድሞ ከሻጩ አፍ ለመስማት አይቸኩልም ነበር፤ ይልቁንም በሬውን ገዝቶ እየነዳ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን መንገደኛ አቁሞ፣ «ስንት አወጣ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሻጩ የሚጠራው የምኞቱን ነው፤ ተመላሹ ግን ከኪሱ የወጣውን ይናገራል። ምንም እንኳ ከተመላሾቹ መካከል የተታለለበትን ደብቆ ዝቅ የሚያደርግ፣ ወይም ሊኮራበት ሽቶ ከፍ የሚያደርግ ባይጠፋም፣ ሦስቱን አራቱን የጠየቀ ሰው ገበያው ሳይደርስ እውነቱን ይዞ ይገባ ነበር። የዚያ ሰፈር የልጅ ልጅ፣ ያውም በባንክ የሚሠራው፣ ይህን ልማድ የት ጥሎት እንደ መጣ እንጃ።

ነገሩ ከአንድ ሰው ስግብግብነት የመጣ ብቻ አይደለም። ለሽያጭ የቀረቡ አሮጌ ገንዘቦች በብዛት በሚታዩበት ስፍራ ተመልካቹን የሚያስተው ሌላ ስውር ምክንያት አለ፤ ይኸውም፣ በሚገባ ዋጋ የቀረበው ዕቃ በሦስት ቀን፣ በሳምንት ተሽጦ ከዐይን ሲሰወር፣ ከልክ በላይ የተጠራበት ግን ገዢ ስላጣ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት፣ እዚያው ተገትሮ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በማናቸውም ዕለት ገብቶ የሚያይ ሰው ከፊቱ ተደርድረው የሚያገኛቸው አብዛኞቹ ዋጋዎች ገበያው መርምሮ የጣላቸው ናቸው። ወጣቱ ጎረቤቴ ያየው ስምንት መቶ ሺሕ፣ ምናልባት ብዙ ሰው አይቶት ያለፈው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ሻጭ ደግሞ ይህንኑ አይቶ ሰባት መቶ ሺሕ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ «ገበያው ይህ ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ አንዲት ሳንቲም እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ሳትተላለፍ ሐሳዊ ምስክርነት ይጸናል።

መድኃኒቱ የተሸጠውን ብቻ ለይቶ መመልከት ነው። ኢቤይ በሚባለው የዓለም ገበያ ላይ «Sold Items» የሚለውን ምልክት የመረጠ ሰው በቅርብ ወራት ገዢ ያገኙትን ብቻ ያያል፤ ሄሪቴጅን የመሰሉ ታላላቅ የጨረታ ቤቶችም ያለፉትን ዓመታት ሽያጭ ከነፎቶግራፉ በመዝገብ ያኖራሉ። ይሁን እንጂ በዚህም ስፍራ ወጥመድ አለ። በኢቤይ ሻጩ ከገዢ የቀረበለትን ዝቅ ያለ ዋጋ ተቀብሎ ሸጦ ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የተሰረዘው የመጀመሪያ ጥሪ ነው፤ የተከፈለው ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ውጤት ከቁጥር ማውጣት ነው እንጂ መገመት አይበጅም። በጨረታ ቤት ደግሞ መዶሻው የወደቀበት ዋጋና ገዢው የከፈለው ድምር ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ቤቱ ከገዢው ላይ ብዙ ጊዜ ሃያ በመቶ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ኮሚሽን ይጨምራልና፣ አንዱ መዝገብ ያለ ኮሚሽኑ ሌላው ከነኮሚሽኑ የጻፉትን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስሕተት ነው።

ከዚህ በኋላ ጨርቁን ፈታነው። ብሩ የ1889 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቁጥሩ በግእዝ አኃዝ ተቀርጿል፤ በአንድ ወገን ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ወገን ግራ እግሩን ያነሣው አንበሳ አሉ። (በ1892 እና በ1895 እትሞች ላይ አንበሳው የሚያነሣው ቀኝ እግሩን ነው፤ የ1887ቱ እትም ደግሞ እንደ 1889ኙ ግራውን ቢያነሣም በቁጥር እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ «የምኒልክ ብር» ብቻ ብሎ የሚፈልግ ሰው የአንዱን ዋጋ ለሌላው ያለብሳል።) በጠርዙ ላይ፣ ከዘውዱ በላይ ባለው ስፍራ፣ ጥፍር ሲያልፍበት የሚሻክር ትንሽ ጠባሳ አገኘሁ፤ ብየዳ ነው። አያቱ ወይም የአያቱ እናት በአንገት ሐብል ላይ አንጠልጥላው ኖራ፣ ማንጠልጠያው በኋላ ዘመን ተነቅሎ በሞረድ ተስተካክሏል። የንጉሡ ጉንጭም ከዕድሜው በላይ ይብለጨለጫል፤ ልጁ እንዳመነው፣ ትናንት ማታ በጥርስ ሳሙና ታጥቧል። በአንጥረኛ ሚዛን ብናስመዝነው ሃያ ሰባት ግራም ተኩል ሆነ። ከፓሪስ ሲወጣ ሃያ ስምንት ግራም ከጥቂት ሽራፊ ነበር፤ ጉድለቱ ላረጀና ለተሞረደ ብር የሚገባ ነው። ከዚህ እጅግ ቢርቅ ወይም ማግኔት ቢስበው ኖሮ፣ ፎርጅድ መሆኑን እጠረጥር ነበር።

እንግዲህ የዚህን ብር ዋጋ የሚነግረን የተሸጠ ሁሉ ሳይሆን፣ ዓመቱ 1889 የሆነ፣ በጠርዙ ብየዳ ያለበት፣ የታጠበ የተሸጠ ብር ነው። ለአስረጅ ያህል (የዛሬ ገበያ ነው አልልም) እንዲህ ያሉ ሰባት ሽያጮች አግኝተን ገዢዎቹ በጠቅላላው የከፈሉት በዶላር 90፣ 100፣ 110፣ 120፣ 130፣ 140ና 480 ነው እንበል። አማካዩን ያወጣ ሰው 167 ያገኛል፤ ነገር ግን ከሰባቱ ስድስቱ ወደዚያ አልደረሱም። ፎቶግራፉን ከፍተን ብንመረምር 480 ያወጣው ከቶ ያልተበየደ፣ የአንበሳው ጎፈር ዘለላ በዘለላ የሚታይ፣ በመርማሪ ድርጅት ታሽጎ ደረጃ የተሰጠው ሆኖ እናገኘዋለን፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውም ከእኛ ተራ አልነበረም። ከቀሩት ስድስቱ መካከል ላይ የቆሙት 110ና 120 ናቸው፤ 120ውን እንውሰድ። ከዚህ ላይ የገዢው ሃያ በመቶ ኮሚሽን ሲነሣ መዶሻው የወደቀው በ100 ነው፤ ከሻጩ ደግሞ አሥር በመቶ ቢቆረጥ፣ የእኛ ወጣት እጅ የሚገባው 90 ይሆናል። አንድ ብር ሦስት ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ሦስቱም እውነት ናቸው፤ አራተኛው፣ በስልኩ ላይ ያየው ግን፣ ተምኔት ነው።

የሽያጩንም ቀን ማየት ይገባል። ሙሉ ክብደት ያለው የምኒልክ ብር በውስጡ ሃያ ሦስት ግራም ተኩል ያህል ንጹሕ ብር ስላለበት፣ የማዕድኑ ዋጋ ሲንር የአምና ሽያጭ ከማቅለጫው በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ የሞተው መዝገቡ ነው፤ ብሩ ከወለሉ በታች አይወርድም።

«ሁሉም ዕቃ ቀኑን ጠብቆ ገዢውን ያገኛል» የሚሉኝ ወዳጆቼ አሉ። ያግኝ፤ እስኪያገኝ ድረስ ግን ዋጋ አይበሉት።

ይህ ሥርዐት ወሰን የለውም አላልኩም። ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ፣ በዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ የቴምብር ሙዚየም አለ፤ በ1887 ስለወጡት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የኢትዮጵያ ቴምብሮች ማሰብ የሚሻ ሰው ያን ይጎብኝ። በፓሪስ የታተሙት እነዚህ ቴምብሮች ያልተሠራባቸው ሆነው በብዛት ለሰብሳቢዎች ስለ ተሸጡ፣ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት ቢያልፍም ብርቅ አይደሉም፤ ብርቁ ኢትዮጵያ በ1901 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከመሆኗ በፊት በእውነት ተለጥፈውበት የተላከው ፖስታ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይታወቃል። ሁለተኛው ግን በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ ለጨረታ ቢወጣ፣ ያ አንድ ውጤት የሚመሰክረው በዚያ ቀን ሁለት የሚፎካከሩ ሰዎች መገናኘታቸውን ነው፤ አንደኛው ታሞ ቢቀር ኖሮ መዶሻው በግማሹ በወደቀ ነበር። በእንዲህ ያለው ስፍራ አዋቂ ሰው ከዚህ እስከዚህ ይላል እንጂ አንድ ቁጥር አይጠራም።

ቁጥር ስል አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በየካቲት 2016 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አንድ ጨረታ ቤት በ1860 ከመቅደላ የተወሰደ ጋሻ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ግምት ጽፎ ሊሸጥ አቀረበ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተቃውሞ ከቀረበ በኋላ ጋሻው ከጨረታው ተነሣ፤ መዶሻም አልወደቀበትም። በጨረታ ቤት የሚጻፍ ግምት ተጫራች ለመጥራት የሚጻፍ ስለ ሆነ ከተሸጠበት ዋጋ ጋራ አይቆጠርም፤ ያ ጋሻ ግን የተሸጠበት ዋጋ ኖሮትም ቢሆን፣ በመዝገብ ውስጥ መፈለጉ ራሱ ነውር ይመስለኛል። ለወጣቱም ይህን ነግሬዋለሁ፤ የውጭውን ውጤት ይዞ ወደ ውጭ ለመላክ የሚነሣ ሰው፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዳለ አውቆ አስቀድሞ ባለሥልጣኑን ይጠይቅ። ካልተፈቀደለት የኒውዮርክ ዋጋ ለእርሱ ወሬ ነው፤ የእርሱ ገበያ አዲስ አበባ ነው።

የአዲስ አበባም ገበያ መዝገብ የለውም። ስለዚህ በቸርችል ጎዳና ዳርና በመርካቶ አሮጌ ገንዘብ የምትሸጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አንድ ደብተር ግዙ፤ በሸጣችሁ ቁጥር የብሩን ዓመት፣ ክብደቱን፣ ብየዳ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ቀኑን፣ በመጨረሻም ስትጠሩት የነበረውን ትታችሁ የተቀበላችሁትን ገንዘብ ጻፉበት። የመጀመሪያውን ደብተር የሞላ ሰው ቢያሳየኝ፣ ስሙን ሳልጠቅስ ውጤቱን በዚህ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።