በአንድ ነጥብ ብቻ የተለካ ቶርክ ሬንች ተለካ አይባልም

ጋራዥ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ሬንቻችሁ ላይ የተለጠፈችውን ስቲከር ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ሰርተፊኬቱን አውጡና ስንት ቦታ ላይ እንደተለካ እዩ። ከፍተኛው ቁጥር ላይ ብቻ ከሆነ፣ በኔ እምነት የገዛችሁት ካሊብሬሽን ሳይሆን ወረቀት ነው።

ለምን? ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚሰራ፣ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ሬንች እንውሰድ። ከሥራ በኋላ ሳይላላ ተጨምቆ እያደረ ሞላው ደከመና፣ የትም ቦታ ላይ 4 ኒውተን ሜትር ቀድሞ ቀጭ ማለት ጀመረ እንበል። 200 ላይ ስትሞክሩት 196 ይሰጣል። ስህተቱ 2 በመቶ ነው፤ አይኤስኦ 6789 ለዚህ ዓይነቱ ሬንች 4 በመቶ ስለሚፈቅድ ያልፋል። 120 ላይ 116 ይሰጣል፤ 3.3 በመቶ ነው፣ እሱም ያልፋል። 40 ላይ ግን 36 ይሰጣል። 10 በመቶ! ወደቀ። ዕቃው ያው፣ ጉድለቱም ያው 4 ነው፤ የሚያጋልጠው ግን ታችኛው ነጥብ ብቻ ነው። ስታንዳርዱ የሬንቹን አቅም 20፣ 60 እና 100 በመቶ ላይ፣ በእያንዳንዱም ደጋግማችሁ ለኩ የሚለው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የእጅ ፍጥነት ነው። ያንኑ የደከመ ሬንች 40 ላይ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ብትነጥቁት፣ ቀጭ ካለ በኋላም እጅ ወዲያው አይቆምም። መለኪያው የሚይዘው ትልቁን ቁጥር ከሆነ፣ 36 የነበረው 39 ሊመስል ይችላል። በቃ፣ የወደቀው አለፈ! መጀመሪያ እንደልብ መሳብ ይቻላል፤ ከ80 በመቶ በኋላ ግን በእርጋታ፣ ሳያቋርጡ፣ ሳይነጥቁ መሄድ ያስፈልጋል።

ይሄን በምን ታውቃላችሁ? ሰርተፊኬቱ ላይ የየሙከራውን ንባብ እዩ። በዝግታ የተሳበ ደህና ሬንች ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። አንዱ 36፣ አንዱ 39፣ አንዱ 37 ከሆነ፣ ስለ ሬንቹ ከመፍረድ በፊት ቀስ ብሎ እንደገና መሳብ ነው። ያኔ ሁሉም 36 አካባቢ ከተሰበሰቡ ጥፋቱ የሬንቹ ነው። መበታተኑ ካልቀረ ደግሞ ውስጡ ይፈተሽ።

«እኛ የጎማ ዳዶ ብቻ ነው የምናጠብቅበት፣ 40 ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ክርክር ነው። እንግዲያው የምትሠሩበት 100 አካባቢ ይለካላችሁና ሬንቹ ላይ «ከዚህ በታች አይሠራበትም» ብላችሁ ጻፉ። ችግሩ ግን ነገ አንዱ ልጅ ያንኑ ሬንች አንስቶ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ያጠብቅበታል። ስቲከሯ ደግሞ ይሄን አትነግረውም።

የናንተ ሰርተፊኬት ስንት ነጥብ አለው?