ከጡረታ በኋላ ለማስጠናት ያሰበ መምህር ድምፁንም ያስላ

ጡረታ ለመውጣት አንድ ሁለት ዓመት የቀራቸው መምህራን ስለ ቀጣይ ሥራቸው ሲያማክሩኝ በመጀመሪያ የሚያነሡት የገንዘቡን ነገር ነው። እኔ ደግሞ ነርስ ነበርኩና ሁለት ነገር አብረው እንዲያሰሉ እነግራቸዋለሁ። አንደኛው በወር በእርግጥ የሚጎድላቸው ብር ስንት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ሁሉ ዘመን ማስተማር በኋላ ድምፃቸው ምን ያህል እንደሚችል ነው።

የሰፈራችንን አንድ የሒሳብ መምህር እንውሰድ። በመንግሥት ትምህርት ቤት 35 ዓመት አስተምረው 60 ሞላቸው። አንድ የግል ትምህርት ቤት በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩለት ጠየቃቸው። ደመወዛቸው ሲቋረጥ ቤታቸው የሚናጋ መስሏቸው እሺ ሊሉ ነበር።

ከመፈረማቸው በፊት ቁጭ ብለው አሰሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለተሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። የ35 ዓመት አገልግሎት 61.25 በመቶ ያስገኛል ማለት ነው። ለስሌት እንዲመቸን አማካይ ደመወዛቸው 10,000 ብር ነበር እንበል፤ ጡረታቸው 6,125 ብር ይሆናል። ሲታይ ብዙ የጎደለ ይመስላል። ነገር ግን በሥራ ላይ ሳሉ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥባቸው ስለነበር እጃቸው የሚገባው ከ8,000 ብር በታች ነበር። ስለዚህ በወር የሚጎድላቸው ከ2,000 ብር አይበልጥም። ይህን ለመሙላት 28 ክፍለ ጊዜ ቆሞ መዋል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ። ሰው ሲናገር የድምፅ አውታሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ጮክ ሲል ግጭቱ ይበረታል። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስተማረ ሰው አውታሮቹ ሊያብጡ ወይም ትንንሽ እብጠት ሊያወጡ ይችላሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ደህና የነበረው ድምፅ ወደ ማታ ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮ ያለማቋረጥ ጥረጉኝ ይላል፣ መናገር ራሱ ያደክማል። መምህራችን ሦስቱም ነበሩባቸው፤ እርሳቸው ግን የጠመኔ ነገር ነው ብለው ትተውት ኖረዋል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ቤታቸው ውስጥ ማስጠናትን መረጡ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ክረምት ሞከሩት። አራት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እርሳቸው ያስረዳሉ፤ ቀሪውን ልጆቹ ይሠራሉ፣ እርሳቸው ተቀምጠው ያርማሉ። አራት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን በቡና ላይ እንደሚወራው ድምፅ ይበቃል። እያንዳንዱ ልጅ በወር 800 ብር ከከፈለ 3,200 ብር ይሆናል። ልጆች ግን በዓመት ሁለት ወር ያህል ይቀራሉ። የ10 ወሩ ገቢ ለ12 ወር ሲካፈል በወር ወደ 2,667 ብር ይደርሳል። የጎደለውን ይሸፍናል።

ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር ነገሩ ተበላሸ። ጎረቤት እየለመነ ልጆቹ ዘጠኝ ሆኑ። ጠረጴዛው ስላልበቃ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ መምህሩም እንደ ድሮው ቆመው ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ጀመሩ። መጀመሪያ ያስተዋሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ማታ ልጆቻቸው ሲደውሉ ስልኩን ለእርሳቸው መስጠት አብዝተው ነበር። መፍትሔው ልጆቹን በሁለት ቡድን ከፍሎ በተለያየ ቀን ማድረግና አንዱን ልጅ ለሌላ መምህር ማስተላለፍ ሆነ። ሰሌዳውም ወረደ።

በዚህ መንገድ የምትሞክሩ ካላችሁ መለኪያችሁ የማግስቱ ጠዋት ይሁን። አድራችሁ ስትነሡ ድምፃችሁ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሥራው ልክ ነው። ካልተመለሰ ሰዓቱን ወይም የልጆቹን ቁጥር ቀንሱ። በምታስረዱበት ጊዜ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር፤ ጉሮሮ ሲከረክራችሁ በኃይል ከመጥረግ አንድ ጉንጭ መዋጥ ይሻላል። ድምፅ ሲዘጋ ማንሾካሾክም እረፍት አይደለም፤ ዝም ማለት ነው የሚያሳርፈው። ጉንፋን ሳይኖር ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ግን በቤት የሚታከም አይደለምና፣ በተለይ ሲጋራ ላጨሰ ሰው፣ ሳይውል ሳያድር የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መታየት አለበት።